የገጨው መኪና የቱ ነው?

ደሴ ላይ በጽሕፈትና በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው ጠረጴዛ ላይ የማይወጣ የወረቀት ዓይነት የለም። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የውክልና ሥልጣንና የትምህርት ማስረጃ ሲደጋገሙ እጅ ስለሚለምዳቸው ዐይን ብዙም ሳይቆምባቸው ያልፋሉ። ባለፈው ክረምት የመጣልኝ ባለ አንድ ገጽ የምስክርነት ቃል ግን አሁንም ይከነክነኛል። በገጹ ላይ እንግዳ የሆነብኝ ቃልም ሆነ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር አልነበረም፤ የከነከነኝም ይኸው ነው።

ጉዳዩ ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ በምሽት፣ አንድ ባጃጅና አንድ አይሱዙ ስለተጋጩበት አደጋ ነው። ሰው አልሞተም፤ የቀረው የካሳ ክርክር ብቻ ነበር። ካሳውን የሚመለከተው ድርጅት ጽሑፎቹን በእንግሊዝኛ ስለሚፈልግ የምስክሩ ቃል ቀድሞ ሌላ ቦታ ተተርጉሟል። የባጃጁ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን አንድ ላይ ይዘው መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ምስክሩ የመሰከረው ለእኔ ነበር፤ ይኼ ወረቀት ግን እኔኑ ገጪ አድርጎኝ አረፈው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አማርኛውንስ ያየልዎት ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አማርኛውማ ምኑ ይታያል፤ አማርኛ ነው እኮ!»

አማርኛውን ተቀብዬ አነበብሁት። ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በሚከተሉት ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነበር፦ «ባጃጁ ወደ ግራ ሲታጠፍ ተጋጩ። የገጨው መኪና መብራት አልነበረውም።» መጀመሪያ ሳነብበው እንደ ባለቤቱ ነው የተረዳሁት፤ አይሱዙው ባጃጁን ገጨ፣ አይሱዙው መብራት አልነበረውም። ከዚያ የአይሱዙው ሹፌር ብሆን ይህን ወረቀት እንዴት አነብበው ነበር ብዬ ሁለተኛ አነበብሁት። አንዲት ፊደል ሳትነካ ታሪኩ ተገለበጠ፤ ገጪው ባጃጁ ሆነ፣ የተገጨው መኪና ደግሞ መብራት ያልነበረው ሆነ። የቀድሞው ተርጓሚ የመረጠው ይህን ሁለተኛውን ንባብ ነው። ስሕተት ሠራ ለማለት የሚያበቃ አንድም ነገር ከአማርኛው ላይ ማግኘት አልቻልሁም።

አንዲት «ው»፣ ሁለት ሥራ

«የገጨው» የሚለውን ቃል ስንበትነው መጀመሪያ ላይ «የ» አለች፤ ግሡን ወደ ስም ገላጭነት የምታዞረው እርሷ ናት። መካከል ላይ «ገጨ» አለ፤ ይህም ድርጊቱንና የሦስተኛ መደብ ነጠላ ወንድ አድራጊን ይይዛል። መጨረሻ ላይ «ው» አለች። ጉዱ ያለው በዚህች «ው» ላይ ነው።

አማርኛ «ትልቁ መኪና» ሲል የታወቀውን ነገር የሚያመለክተውን ምልክት የሚለጥፈው በስሙ ላይ ሳይሆን ከስሙ በፊት በሚመጣው ገላጭ ላይ ነው። «የ» ያለበት ግሥም ስም ገላጭ ስለሆነ እንደ «ትልቁ» ሁሉ ያንኑ ምልክት ይቀበላል። በዚህ መንገድ «የገጨ መኪና» የነበረው «የገጨው መኪና» ይሆናል፤ ትርጉሙም ያ ገጪ መኪና ማለት ነው። በሌላ በኩል «ገጨው» ስንል «ው» ተገጪውን፣ «እርሱን» የምንለውን፣ ታመለክታለች። ከፊቷ «የ» ሲጨመር እንደገና «የገጨው መኪና» ይወጣል፤ አሁን ግን እርሱ የገጨው መኪና ማለት ሊሆን ይችላል። የታወቀ ነገር ምልክቷ «ው» እና የተሳቢ ምልክቷ «ው» በጽሕፈትም በንባብም አንድ ናቸው። በጆሮ እንኳ ልንለያቸው አንችልም።

እንግሊዝኛው ከዚህ ፈጽሞ በተለየ መንገድ ይሄዳል። ስሙን፣ መኪናውን፣ መጀመሪያ ይጠራና «ዛት» በምትባል አገናኝ ቃል አማካይነት ገላጩን ሐረግ ከኋላው ያስከትላል። «ዘ ካር ዛት ሂት ኢት» ካለ መኪናው ገጪ ነው፤ «ዘ ካር ዛት ኢት ሂት» ካለ መኪናው ተገጪ ነው። ቃላቱ አምስት ናቸው፣ ሁለቱም ዘንድ አንድ ናቸው፤ የተለዋወጡት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግሡ ማን ማንን እንዳደረገው የሚያሳይ ነገር በጀርባው ላይ አይሸከምም። አድራጊው ከግሡ በፊት፣ ተደራጊው ከግሡ በኋላ ይቀመጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ሥፍራ ባዶ ሲሆን ያ ባዶ ሥፍራ የመኪናው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ጸሐፊ ሁለቱንም ንባብ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ይህን የመሰለ አጭር ሐረግ ልጻፍ ቢል አይችልም። ወይ ይህን ወይ ያንን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። የቀድሞው ተርጓሚም የመረጠው ስለፈለገ አይመስለኝም፤ የሚጽፍበት ቋንቋ ሳይመርጥ እንዲያልፍ አልፈቀደለትም።

ታዲያ አማርኛ ሁልጊዜ እንዲህ ያደናግራል ማለት አይደለም። እዚያው ወረቀት ላይ መደቡን፣ ጾታውንና ቁጥሩን እየቀያየርሁ ሞከርሁት። ምስክሩ ራሱ ቢገጭ ኖሮ «የገጨኝ መኪና»፣ ራሱ ቢገጭ... ማለትም እርሱ ገጪ ቢሆን «የገጨሁት መኪና» ይል ነበር፤ እዚህ ላይ የሚጠራጠር የለም። (ይኸው እኔም «ቢገጭ» በሚለው ቃል ተደናቀፍሁ፤ ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ የሚገለበጥ ሌላ ጣጣ ነውና ለሌላ ቀን ይቆይ።) አይሱዙዎቹ ብዙ ቢሆኑ ባጃጁን «የገጩት መኪናዎች» እና ባጃጁ «የገጫቸው መኪናዎች» ወዲያው ይለያዩ ነበር። እንዲያውም ሹፌሮቻችን እንደሚወድዱት መኪናዋን በሴት ጾታ ቢጠራት ነገሩ ያኔውኑ ያበቃ ነበር፤ «የገጨችው መኪና» ገጪ ናት፣ «የገጫት መኪና» ተገጪ ናት። ቃሉን የመዘገበው ጸሐፊ የመዝገብ ቤት አማርኛ ጻፈና መኪናውን በወንድ ጾታ አስቀመጠው።

እንግዲህ ድንግዝግዙ የሚመጣው ገጪውም ተገጪውም ሦስተኛ መደብ ሲሆኑና በጾታም በቁጥርም ሲመሳሰሉ ነው። ያን ጊዜ ግሡ የሚሸከማቸው ምልክቶች ሁለቱንም ወገን እኩል ይገጥማሉ። ጊዜውን ብንቀይረውም፣ አሉታ ብናደርገውም አያድነንም፤ «የሚገጨው መኪና» እና «ያልገጨው መኪና» ያው ሁለት መልክ አላቸው።

«ን» የምትመሰክረው ስለ ውጭው ነው

በዚያ ሰሞን ነገሩን ያጫወትሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወዲያው «ን» ትፈታዋለች አለኝ። «የገጨውን መኪና አየሁ» ቢል ኖሮ መኪናው ተሳቢ ስለሆነ ተገጪ መሆኑ ይታወቃል ማለቱ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ሐሳቡም ለጊዜው ያሳምናል። ነገር ግን ይህች «ን» መኪናው «አየሁ» ለሚለው ለዋናው ግሥ ተሳቢ መሆኑን ብቻ ነው የምትናገረው። «ገጨ» ለሚለው ግሥ መኪናው ምን እንደሆነ አታውቅም፣ አትናገርምም። ያየሁት መኪና ገጪውም ተገጪውም ሊሆን ይችላል።

ከእንግሊዝኛ ጋር ሲተያይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በእንግሊዝኛ ገላጭ ሐረግ መግቢያ ላይ የሚቆሙት «ሁ» እና «ሁም» የሚለያዩት ሰውየው በሐረጉ ውስጥ ባለው ድርሻ ነው፤ አድራጊ ከሆነ «ሁ»፣ ተደራጊ ከሆነ፣ በጥንቃቄ በሚጻፈው እንግሊዝኛ፣ «ሁም» ይባላል። ሰውየው በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምንም ይሁን ምን «ሁም» ግድ የላትም። የእኛ «ን» ደግሞ ተቃራኒውን ታደርጋለች፤ በገላጩ ግሥ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ ዋናው ዓረፍተ ነገር ትመሰክራለች። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ተማሪዎች «ሁም» ባዩ ቁጥር በገላጩ ግሥ ላይ «ን» የሚለጥፉት ሁለቱ አንድ ሥራ ያላቸው ስለሚመስላቸው ነው። ውጤቱም «ያየሁትን ሰው መጣ» የሚል፣ ጆሮ የማይቀበለው ዓረፍተ ነገር ነው።

«ን» የምትፈታው በሐረጉ ውስጥ ስትገባ ነው። «ባጃጁን የገጨው መኪና» ብንል ባጃጁ «ገጨ» ለሚለው ግሥ ተሳቢ ሆነ፣ መኪናው ገጪ ሆነ። «ባጃጁ የገጨው መኪና» ብንል ባጃጁ አድራጊ ሆነ፣ መኪናው ተገጪ ሆነ። እንግሊዝኛ በቃላት ቅደም ተከተል የሚሠራውን አማርኛ በአንዲት «ን» ይሠራዋል፤ ለዚህ ግን ሌላኛው ወገን በስሙ መጠራት አለበት። ምስክሩ ወይም ጸሐፊው «ባጃጁ» የሚለውን ቃል በፊተኛው ዓረፍተ ነገር ስለጠራው ደግሞ መጥራቱ ሳያስፈልግ ቀረና ተወው። አማርኛ የታወቀን ነገር ደጋግሞ መጥራት አይወድም፤ እዚህ ላይ ግን ከዚህ ልማዱ የተነሣ ቃሉ ሁለት ባለቤት አገኘ።

በስልክ የመጣችው «ን»

ባለቤቱ እኔ ፊት ለምስክሩ ደወሉና ስልኩን በድምፅ ማጉያ አደረጉት። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። «የገጨው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ያችኑ «የገጨው» ይዛ ስለወጣች እንደገና ልንጠላለፍ ነው ብዬ ሠጋሁ። ምስክሩ ግን «የገጨው ባጃጁን ነው፤ ብያለሁ እኮ!» ሲሉ መለሱ።

ይህን መልስ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። «የቱ ነው» የሚለው ጥያቄ ገጪውን ይጠይቃል፤ ተገጪውን ለመጠየቅ «የቱን ነው» ማለት ያስፈልግ ነበር። ምስክሩ የመለሱት ተገጪውን ነው። ጥያቄውና መልሱ ባይገጣጠሙም ነገሩ ተለየ፤ ምክንያቱም አማርኛ አንድን ነገር ነጥሎ ሲያወጣ፣ «የገጨው … ነው» በሚለው ቅርጽ፣ ተነጥሎ የወጣው ስም በገላጩ ግሥ ዘንድ የነበረውን «ን» ይዞ ይወጣል። «የገጨው ባጃጁ ነው» ቢሉ ገጪው ባጃጁ ይሆን ነበር። «ባጃጁን ነው» ስላሉ ባጃጁ ተገጪ ሆነ። በእንግሊዝኛ ይህን ለማለት ሙሉውን ሐረግ እንደገና መደርደር ግድ ይላል፤ በአማርኛ በሚቆራረጥ ስልክ ውስጥ አንዲት «ን» ካለፈች በቂ ናት። ባታልፍስ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ግን ለጥቂት ጊዜ ደንገጥ አድርጎኛል።

ይህ ሁሉ ለእኔ ዕውቀት ሆነ እንጂ ለወረቀቱ ማስረጃ አልሆነም። ተርጓሚ የጽሑፉን ሐሳብ ይተረጉማል፤ በስልክ የሰማውን ጽሑፉ ውስጥ ማስገባት አይችልም። ስለዚህ ምስክሩ ተጨማሪ የጽሑፍ ቃል እንዲሰጡ፣ በዚያም ላይ «ባጃጁን የገጨው አይሱዙ» ተብሎ እንዲጻፍ ለባለቤቱ ነገርኋቸው። የመጀመሪያውን ቃል ስተረጉም ደግሞ አማርኛው ሁለት ንባብ እንዳለው በግርጌ አሰፈርሁ።

የወጋና የተወጋ

ያን ቀን ማታ አእምሮዬ ውስጥ ሲመላለስ የነበረው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት ነው። ሰው ስለ ቂም ይጠቅሰዋል፤ እኔ ያሰብሁት ስለ አሠራሩ ነው። ተረቱ «የወጋው» እና «የወጋው» ብሎ ሁለቱን ወገኖች ማቆም አይችልም፤ ይጋጩበታል። ስለዚህ ተጎጂውን በ«ተ» አወጣው፤ «የተወጋ» አለ። «ተ» ከገባች በኋላ ግሡ አድራጊውን ይጥለዋል፤ የሚቀረው አንድ ወገን ብቻ ስለሆነ የሚያደናግር የለም። «የተገጨው መኪና» ብለን ብንጽፍ ገጪ ነው ብሎ የሚከራከር አይገኝም። የአደጋ መግለጫ የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ብቻ ከያዘ ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ፤ ለተገጪው ሁልጊዜ «የተገጨው»፣ ለገጪው ደግሞ ተገጪውን በ«ን» ጠርቶ «እንዲህን የገጨው» ማለት።

በተረቱ ውስጥ «ሰው» የሚል ቃል አለመኖሩንም ልብ ይሏል። «የወጋ» ብቻውን ሰውየውን ይተካል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ሐረግ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ስለማይተወው «ሂ ሁ» ብሎ ተውላጠ ስም ያስቀድማል። የእኛ ገላጭ ግሥ ግን አድራጊውን በውስጡ ስለያዘ ስሙ ቢቀርም ይቆማል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የታጠቁት ምን እንደሆነ ሳይጠራ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ብቻዋን ትወክለዋለች።

መጀመሪያው የት ነው?

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረኝ ግን የ«ው» ጉዳይ አይደለም፤ እርሱ ቢያንስ በ«ን» እና በ«ተ» ይፈታል። የሚያስቸግረኝ የሐረጉ ድንበር ነው። እንግሊዝኛ ገላጭ ሐረጉ የት እንደሚጀምር አብዛኛውን ጊዜ በአገናኝ ቃሉ ያሳያል፤ የት እንደሚያበቃ ግን ምልክት አያደርግም። አማርኛ ይገለብጠዋል። የሐረጉ መጨረሻ በ«የ» የታሰረው ግሥ ስለሆነ በግልጽ ይታያል፤ መጀመሪያው ግን ምንም ምልክት የለውም። «ሹፌሩ ትናንት የገጨውን መኪና አየው» በሚለው ውስጥ «ትናንት» የመግጨቱ ቀን ነው ወይስ የማየቱ? «ሹፌሩ»ስ ያየው ነው፣ የገጨው ነው ወይስ ሁለቱንም? አንባቢ የሐረጉን መጀመሪያ የሚያገኘው «የገጨውን» ላይ ከደረሰ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው። በእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ጥያቄ የሚነሣው በሌላኛው ጫፍ ነው፤ «ሂ ሶው ዘ ካር ዛት ሂት ኢት የስተርዴይ» ሲባል መጨረሻ ላይ የቆመው «የስተርዴይ» ከየትኛው ግሥ ጋር እንደሚሄድ አይታወቅም።

መስተዋድድ ሲመጣ ደግሞ ያችው ያለችን «የ» እንኳ ትጠፋለች። «ከ»፣ «ለ»፣ «በ» እና «ስለ» በሐረጉ መጀመሪያ ላይ አይቀመጡም፤ ግሡ ላይ ይወጡና «የ»ን ያስለቅቋታል። «ከየገጨው መኪና» የሚል የለም፤ «ከገጨው መኪና» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም፤ «ስለ» ላይ ግን አለ። «ስለገጨው መኪና ጠየቁኝ» በሚለው ውስጥ ሐረጉ መኪናውን ይገልጻል። «ስለገጨው መኪናው ተያዘ» በሚለው ውስጥ ግን ምክንያት ነው፤ በመግጨቱ ተያዘ ማለት ነው። ሁለቱን የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ስም የታወቀ ነገር ምልክት መያዙ ነው። በመጀመሪያው «ው» ገላጩ ላይ ስለተለጠፈች ስሙ ባዶውን ይቆማል፤ በሁለተኛው ስሙ ከሐረጉ ውጭ ስለሆነ የራሱን «ው» ይይዛል። ቸኩሎ የሚተረጉም ሰው «መኪና» እና «መኪናው» ላይ ካልቆመ ምክንያቱን ገላጭ፣ ገላጩን ምክንያት ያደርገዋል።

ለቀኑ ጉዳይ አንድ ወገን ብቻ መፍትሔ አለው። የማየቱን ቀን ለመናገር ከፈለግሁ ቃሉን ከገላጩ በኋላ አሳልፈዋለሁ፤ «ሹፌሩ የገጨውን መኪና ትናንት አየው» ካልሁ «ትናንት» ከሐረጉ ውጭ ነው። የመግጨቱን ቀን ለመናገር ግን ቃሉን የትም ባዛውረው ከገላጩ ግሥ በፊት እስከሆነ ድረስ ጥርጣሬው ይከተለኛል። እንዲህ ባለ ጊዜ ገላጩን ጨርሶ አፈርሰዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን «ትናንት አንድ መኪና ገጭቶ ነበር» ብዬ ብከፍለው ደግሞ፣ ያልታወቀ ተሳቢ «ን» ስለማይይዝ፣ ያው ገጪና ተገጪ ይምታታሉ። ስለዚህ አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ሹፌሩ ትናንት አንድ መኪናን ገጭቷል። ይህንኑ የተገጨውን መኪና ዛሬ አይቶታል።» «አንድ መኪናን» ለጆሮ ትንሽ እንደሚሻክር አውቃለሁ፤ በካሳ ጉዳይ ላይ ግን ሻካራውን እመርጣለሁ።